ግልጽ ደብዳቤ፦ የተረፈው ገንዘብ በገዛነው ኪሎ ልክ ይመለስልን

ለወረዳችን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት
ለሸማቾች ማኅበራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ
ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከጋራ የጤፍ ግዥ የተረፈውን ገንዘብ አከፋፈል ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣ የኮሚቴ አባላትና በየብሎኩ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

በጥር ወር በጋራ ያስመጣነው ጤፍ ሁሉም ቤት ገብቷል። እንጀራውም ጥሩ ወጥቶልናል። አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው። ወጪው ሁሉ ተከፍሎ ካበቃ በኋላ በማኅበሩ የባንክ ሂሳብ 15,800 ብር ተርፏል። ይህ ገንዘብ ምን ይሁን በሚለው ላይ አልተስማማንም። አንዳንዱ ለ62ቱ ገዢ ቤተሰብ እኩል ይካፈል ይላል። ሌላው ሰኔ ላይ ሂሳብ ሲዘጋ ከማኅበሩ ትርፍ ጋር ተደምሮ በአክሲዮን ይከፋፈል ይላል። እኔ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በገዛው ኪሎ ልክ አሁኑኑ ይመለስለት ከሚሉት ነኝ። በስብሰባው ላይ ጊዜ ስላልበቃ ሐሳቤን ሁላችሁም እንድታነቡት በግልጽ ጽፌዋለሁ።

በግዥ ኮሚቴው ውስጥ ስላለሁ ሂሳቡን አውቀዋለሁ። ለማስላት እንዲቀል ቁጥሮቹን ክብ አድርጌያቸዋለሁ። ገበያው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥም ዋጋውን እንደ ዛሬ ዋጋ አትውሰዱት።

የገዛነው 40 ኩንታል ነጭ ጤፍ ነው። ከምንጃር በኩል ከገበሬዎች ዩኒየን በኩንታል 12,000 ብር ተስማምተን 480,000 ብር ከፈልን። በኪሎ 120 ብር ማለት ነው። ያን ሰሞን እዚህ ሰፈር ተመሳሳይ ጤፍ በኪሎ 140 ብር ነበር። ስለዚህ ገና መኪናው ሳይነሳ በየደረጃው ላይ «20 ብር ተረፈልን» የሚል ወሬ ተነዛ። ዛሬም ድረስ «20 ብር አልነበረም ወይ? የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አለ። የሚጠይቁት እውነት አላቸው። መልሱም በዝርዝር ይገባቸዋል።

መኪናው 16,000 ብር ፈጀ። ጫኝና አውራጅ እዚያም እዚህም ተደምሮ 8,000 ብር ሆነ። ለማከፋፈያ ከረጢትና ለአንድ ሌሊት ጥበቃ 1,600 ብር ወጣ። ጠቅላላው 505,600 ብር ደረሰ። ይህን ለ4,000 ኪሎ ብናካፍለው በኪሎ 126 ብር ከ40 ሳንቲም ይመጣል። ችግሩ ግን 4,000 ኪሎ አልደረሰንም።

ጤፉን ባስኩል ላይ እያወጣን ስንመዝን፣ የከረጢቱ ክብደት ሲቀነስ፣ የተገኘው 3,960 ኪሎ ነው። በኩንታል አንድ ኪሎ ጎደለ ማለት ነው። አንድ ኩንታል ብቻ የገዛ ሰው ይህን ጉድለት ልብ አይለውም። 40 ኩንታል ላይ ግን 40 ኪሎ ነው። በገዛንበት ዋጋ 4,800 ብር። ሰው ሰረቀ ለማለት አልቸኩልም። ጤፍ ደቃቅ ነው። የከረጢቱ ስፌት ትንሽ ከላላ ወይም ጫኙ በሜንጦ ከወጋው መንገዱን ሁሉ እየተንጠባጠበ ይመጣል። መኪናው ላይ ከወለሉ ጠርገን የሰበሰብነው ራሱ ትንሽ አልነበረም። አፈር ስለነካው ግን ለማንም አልሰጠነውም። ከዚህ በተጨማሪ እዚያ የተመዘነው ከነከረጢቱ ነው። የሁለቱ ሚዛኖች ልዩነትም አለ። ከዚያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤት 25፣ 25 ኪሎ እየሰፈርን ስናከፋፍል 10 ኪሎ ያህል በሚዛን ውልብታና በብናኝ ሄደ። በመጨረሻ ለሰው እጅ የደረሰው 3,950 ኪሎ ነው።

505,600 ብርን ለ3,950 ኪሎ ስናካፍል 128 ብር ይመጣል። እውነተኛው ዋጋችን ይህ ነው። ከሱቁ 140 ብር ጋር ሲነጻጸር ያተረፍነው በኪሎ 12 ብር ነው። በወረቀት 20፣ በእጅ 12። 12 ብርም ቢሆን ቀላል አይደለም። በወር 50 ኪሎ ጤፍ ለሚጨርስ ቤተሰብ 600 ብር ነው።

የ140 ብሩን ነገርም ላስረዳ። ቅናሽ ሲሰላ ማነጻጸሪያው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማኛን ከሰርገኛ ጋር ብታነጻጽሩ ወይም ሰፈር ውስጥ የሰማችሁትን ትልቁን ዋጋ ብትይዙ የፈለጋችሁትን ያህል ቅናሽ «ማግኘት» ትችላላችሁ። እኛ ጤፉ በገባበት ቀን የጤፉን ናሙና በፌስታል ይዘን ሦስት እህል ቤት ገባን። ከጎን ከጎኑ አድርገን ያንኑ ዓይነት ጠየቅን። ከሦስቱ ዝቅተኛውን ያዝን። ወደፊትም በዚህ እንድንቀጥል እፈልጋለሁ። አንድ ሰው መርካቶ እህል በረንዳ ወርዶ በርካሽ ሊያገኝ ይችላል። ግን ከዚያ እስከ አራብሳ ማምጫውን፣ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ የባጃጁን ጨምሮ ማስላት አለበት።

እንግዲህ ገንዘቡ ከየት ተረፈ? ከአባላቱ አስቀድመን የሰበሰብነው በኪሎ 132 ብር ነው። ወጪው በትክክል ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ስለማይታወቅ 4 ብር መጠባበቂያ ይዘን ነው። ያን ባናደርግ ኖሮ መኪናው በር ላይ ቆሞ ከየቤቱ ተጨማሪ ብር መለመን ነበረብን። አውራጆቹ ደግሞ አይጠብቁም። ትእዛዝ የተቀበልነውም ለ39 ኩንታል ብቻ ነው። አንዱን ኩንታል ጉድለት እንዲሸፍን ብለን በትርፍ ጨመርን። ጥሩ አደረግን። 40ውንም ኩንታል አስቀድመን ለሰው ቃል ገብተንበት ቢሆን ኖሮ 2 ቤተሰብ ከፍሎ ባዶ ከረጢት ይዞ ይቆም ነበር። ጉድለቱን አውጥቶ የቀረው 50 ኪሎ በኋላ ለመጡ አባላት በዚያው በ132 ብር ተሸጠ። ስለዚህ የገባው ገንዘብ 521,400 ብር ነው። የወጣው 505,600 ብር ነው። ልዩነቱ 15,800 ብር። ወይም በሌላ አነጋገር፣ እያንዳንዱ ኪሎ ላይ የተከፈለ 4 ብር።

የኔ ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ይህ ገንዘብ ማኅበሩ ነግዶ ያገኘው አይደለም። አባላት አስቀድመው በትርፍ ያስቀመጡት የራሳቸው ብር ነው። እያንዳንዱ 4 ብር ከየትኛው ኪሎ እንደመጣ እናውቃለን። ኪሎውን ማን እንደገዛው ደግሞ ደረሰኙ ይናገራል።

አሁን እኩል እናካፍለው የሚለውን ሐሳብ በሁለት ቤት ላይ እንየው። አንዲት ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። የገዛችው 200 ኪሎ ነው። 26,400 ብር ከፍላለች። ትክክለኛው ወጪዋ 25,600 ስለሆነ 800 ብር ትርፍ አስቀምጣለች። ሌላዋ በጡረታ የሚኖሩ እናት ናቸው። 25 ኪሎ ወስደው 3,300 ብር ከፍለዋል። እሳቸው በትርፍ ያስቀመጡት 100 ብር ነው። 15,800ን ለ62 ብናካፍል ለእያንዳንዱ ቤት ወደ 255 ብር ይደርሳል። እማማ ካስቀመጡት በላይ 155 ብር ያገኛሉ። ጋጋሪዋ ከራሷ ብር 545 ብር ታጣለች። ጤፉን እማማ በኪሎ ወደ 122 ብር፣ እሷ ደግሞ ወደ 131 ብር ገዙት ማለት ነው። ዩኒየኑ በዚያ ዋጋ የሸጠልን ደግሞ እንደሷ ያሉ ብዙ ያዘዙ ሰዎች ተደምረው መኪናው ስለሞላ ነው። እሷ በሚቀጥለው ዙር ብትቀር መኪናው ጎዶሎ ይመጣል። የመኪናው ኪራይ ግን አይቀንስም። ያኔ የእማማም ጤፍ ይወደዳል።

«ለድሃው ይጠቅማል፣ ምን አለበት» የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። ልባቸው ቅን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ብዙ ኪሎ የገዛ ሁሉ ሀብታም አይደለም። እዚህ ሰፈር ብዙ ጤፍ የሚገዛው ብዙ ልጅ ያለው፣ ዘመድ የሚያስተናግድ ወይም ጋግሮ የሚያድር ነው። ጥንድ ሆነው የሚኖሩ ሁለቱም ደመወዝተኛ ደግሞ 25 ኪሎ ይበቃቸዋል። በኪሎ ማነስ ድህነትን መለካት አይቻልም። ሌላም አለ። በነፍስ ወከፍ ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ በሚቀጥለው ዙር ባል በስሙ፣ ሚስት በስሟ፣ ልጅ በስሙ መመዝገብ ይጀምራል። ይህን ለመቆጣጠር የምናጠፋው ጊዜና የምንጣላው ጥል ከተረፈው ብር ይበልጣል።

እማማን ለመርዳት የተሻለ መንገድ አለ። የሳቸው ችግር 155 ብር ሳይሆን 3,300 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ነው። ገንዘብ ስንሰበስብ ይህ ጉዳይ ብዙ ቤት አንኳኩቷል። ስለዚህ ተመላሹ ሲከፈል በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር። «ከድርሻዬ ይህን ያህል በአንዴ መክፈል ለማይችሉ ይሁን» ብሎ የፈቀደ ይፈርምበት። በዚያ ገንዘብ የተወሰኑ ቤቶች በሦስት ወር ከፍለው የሚጨርሱት 25 ኪሎ ይሰጣቸው። ገንዘቡ እየተመለሰ ለሚቀጥለው ዙር ይውላል። ጋጋሪዋን ሳትጠየቅ ከማስከፈል ሰውን ጠይቆ መቀበል ይሻላል። እኔ ከድርሻዬ ግማሹን እፈርማለሁ።

በአክሲዮን እናካፍለው የሚለው ሐሳብ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሐሳቡ የመጣው የማኅበሩን ሂሳብ ከሚይዙት ዘንድ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ማኅበሩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ትርፍ የሚከፋፈለው የዓመቱ ሂሳብ ተዘግቶና ተመርምሮ፣ ለመጠባበቂያ የሚቀነሰው ተቀንሶ ነው። ይህ ለሱቁ ትርፍ ትክክለኛ አሠራር ነው። የተሟገትኩትም ይህ እንዲቀር አይደለም። ግን የጤፉ 15,800 ብር እዚያ ውስጥ ከገባ ከስኳሩ፣ ከፓስታውና ከሳሙናው ሽያጭ ጋር ይደባለቃል። አንዴ ከተደባለቀ ማንም አይለየውም። ከዚያ ብዙ አክሲዮን ያለው ሰው አንድ ኪሎ ጤፍ ሳይገዛ ድርሻ ያገኛል። አንድ አክሲዮን ብቻ ይዛ 200 ኪሎ የገዛችው ጎረቤቴ ደግሞ ቁራጭ ይደርሳታል።

በገዙት ልክ መመለስ እኔ ያመጣሁት አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬዎቹ የሸማቾች ማኅበራት አርአያ አድርገው የሚጠቅሱት በእንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ በ1844 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተከፈተው ሱቅ ነው። ያቋቋሙት 28 ሰዎች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ሸማኔዎችና የእጅ ሙያተኞች። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር ነበር የሚሸጡት። ዕቃውን ሰፈሩ በሚሸጥበት ዋጋ ሸጠው፣ የተረፈውን ለእያንዳንዱ አባል በሸመተው መጠን ይመልሱ ነበር። ለአክሲዮን የሚከፍሉት የተወሰነ ወለድ ብቻ ነበር። ማኅበሩ ያደገው ሰው ባስቀመጠው ብር ብቻ ሳይሆን በመሸመቱ ስለሚጠቀም ነው።

ስለዚህ ለጽሕፈት ቤቱ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የጋራ ግዥ ሂሳብ በዙር ይያዝ። እያንዳንዱ ዙር የራሱ የገቢና የወጪ መዝገብ ይኑረው። ጤፉ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ይዘጋ። ከአባላት በትርፍ የተሰበሰበው ገንዘብ ለገዢዎቹ የሚመለስ ዕዳ ተብሎ ይመዝገብ እንጂ ወደ ዓመቱ ትርፍ አይግባ። ማኅበሩ ለመጋዘኑና ለሠራተኛው የሚገባው ካለ አስቀድሞ በኪሎ ተቆርጦ ወጪ ውስጥ ይካተት። ለምሳሌ በኪሎ 1 ብር ቢባል ማንም አይቃወምም። የሚቃወመው ስንት እንደተወሰደበት ሳያውቅ ሲቀር ነው። ኦዲተራችሁም ሂሳቡን በዚህ መልክ እንዲቀበል ከአሁኑ መመሪያ ስጡን። ሰኔ ላይ «ይህ እንዴት ተመለሰ?» ተብለን እንዳንጠየቅ።

ሂሳቡ ደግሞ ይለጠፍ። ከኮሚቴው የምጠይቀው ይህን ነው። በእያንዳንዱ ብሎክ መግቢያ ላይ አንድ ገጽ ይበቃል። ስንት ኪሎ ተገዛ፣ ስንት ደረሰ፣ ለመኪና፣ ለአውራጅ ምን ወጣ፣ በኪሎ ስንት ሆነ። ከሥሩ የደረሰኝ ቁጥር፣ የተገዛው ኪሎና የሚመለሰው ብር። ስም አይጻፍ። ስንት ኪሎ እንደገዛ ጎረቤቱ እንዲያውቅበት የማይፈልግ አለ፣ መብቱ ነው። የደረሰኝ ቁጥሩን ግን ሁሉም የራሱን ስለሚያውቅ ያመሳክራል። ክፍያ ሲሰበሰብም ሆነ ሲመለስ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን። ገንዘብ ያዡ ሰው የላከለትን የስልክ ፎቶ አይመን። የማኅበሩን የባንክ መግለጫ አይቶ ብቻ ደረሰኝ ይቁረጥ። ፎቶ በአንድ ደቂቃ ይቀየራል።

ወጪ ውስጥ የማይገባም አለ። ኮንዶሚኒየማችን አሳንሰር የለውም። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው 50 ኪሎ ለማስወጣት ለተሸካሚ ይከፍላል። ይህ ከጋራው ሂሳብ ይሁን የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። አይሆንም። ምድር ቤት የሚኖረው ለሌላው ደረጃ መክፈል የለበትም። እስከ ብሎኩ በር ያለው የጋራ ነው። ከበሩ በላይ ያለው የየራስ ነው። ለአቅመ ደካሞች ግን ወጣቶቻችን ተሸክመው አውጥተዋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ወደ ሚቀጥለው ዙር ልምጣ። ከአሁኑ መስተካከል ያለበት የሚዛኑ ጉዳይ ነው። 40 ኪሎው መጉደሉን ያወቅነው ጤፉ ከወረደና ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ዋጋው እዚህ ደርሶ በሚመዘን የተጣራ ኪሎ ይሁን የሚል መግባት አለበት። አቅራቢው እሺ ካላለ ሁለት ሰው ከዚያው ሲጫን ጀምሮ ይገኝ። መኪናው ጭነት ይዞ ሳለና ባዶውን የመኪና ሚዛን ላይ ቢወጣም ይረዳል። ያ ሚዛን ግን ለትልቅ ጭነት የተሠራ ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ጉድለት ላያሳይ ይችላል። ትክክለኛውን የምናውቀው ባስኩል ላይ ነው። ባስኩሉም ቢሆን መዛነፉ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያልተከፈተ የታሸገ 50 ኪሎ ስኳር ወይም ሁለት አውጥቶ መፈተሽ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ጥራቱንም እንደዚሁ። የከረጢቱን አፍ ከፍቶ አንድ እፍኝ አይቶ መርካት አይገባም። የሚጠረጠረው መሐሉና ታቹ ነው። ባዶ ሹል ቱቦ ከየከረጢቱ ጎን ተወግቶ ናሙና ይውጣ። የደረቀ ጤፍ በጣት መሐል እንደ ውኃ ይፈሳል። እርጥበት ያለው መዳፍ ላይ ይጣበቃል፣ ሲጨበጥም ጓል ይሆናል። አሸዋ ለማወቅ ደግሞ እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ። አንድ ብርጭቆ ጤፍ በጎድጓዳ ሳህን ውኃ ውስጥ አማስሎ ቀስ እያሉ መድፋት ነው። ጤፉ ከውኃው ጋር ሲሄድ አሸዋው ታች ይቀራል። ባለፈው ከ10 ከረጢት እንዲህ አድርገን ከአንዱ ብቻ አሸዋ በዛ ብሎ አገኘን። አቅራቢው ሳያንገራግር ቀየረው። ከመክፈላችን በፊት ስለነበር ነው።

ዘይት ይጨመር የሚለው ጥያቄም ብዙ ድምፅ አግኝቷል። እደግፋለሁ። ግን እንደ ጤፍ መታየት የለበትም። ጤፍ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ እንደ በቆሎና ስንዴ ነቀዝ በቀላሉ አይደፍረውም። ስለዚህ አዝመራው በሚገባበት በጥርና በየካቲት ለክረምት የሚበቃውን መግዛት ያዋጣል። ክረምት ላይ ዋጋው ከፍ ይላል። ዘይት ግን የማብቂያ ቀን አለው። ሙቀትና ብርሃን ያበላሸዋል። በየሁለት ወሩ በትንሽ በትንሹ ነው የሚገዛው።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሊትር ሲሰላ ይረክሳል። ነገር ግን አንዱን ጀሪካን ለአራት ቤት እናካፍል ስንል ጣጣ ይመጣል። የፓልም ዘይት እዚህ ብርድ ላይ ይረጋል። ፈሳሹ ከላይ ይሆናል፣ የረጋው ከታች። መጀመሪያ የተቀዳለት ፈሳሹን ይወስዳል፣ መጨረሻ ላይ የደረሰው እንደ ቅቤ የሆነውን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም 5 ሊትር ነው የከፈሉት። ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ሞቆ ካልተማሰለ ፍትሐዊ ክፍፍል የለም። ከሥር የሚቀረውም የማን ነው? የምመክረው በካርቶን የሚመጣውን የታሸገ ባለ 5 ሊትር ነው። በሊትር ትንሽ ይወደዳል። በምላሹ መቅዳት የለም፣ መንጠባጠብ የለም፣ ማብቂያ ቀኑም ላዩ ላይ ተጽፏል። ክፍፍሉም በጠርሙስ ቁጥር ይሆናል።

ጀሪካን መግዛት ለሚፈልጉ ደግሞ መጠኑን በሚዛን ማወቅ ይቻላል። የምግብ ዘይት ከውኃ ይቀላል። አንድ ሊትሩ 920 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ ባዶው ጀሪካን ሲቀነስ 20 ሊትር ከ18 ኪሎ ከፍ ብሎ መመዘን አለበት። ከ18 በታች ከወረደ ጎድሏል። አንዳንዱ ነጋዴ በኪሎ፣ አንዳንዱ በሊትር ስለሚያወራ ዋጋ ስንጠይቅ የትኛውን እንደሆነ እናጣራ። በኪሎ ርካሽ የመሰለው በሊትር ሲለወጥ እንዳይወደድ፣ ወይም ተቃራኒው። የዘይት ተመላሽም በሊትር ይሰላ። ከጤፉ መዝገብ ጋርም አይቀላቀል። ዘይት ብቻ የገዛ ሰው የጤፍን ጉድለት መሸከም የለበትም።

ለጽሕፈት ቤቱ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ተከራይ አለ። መታወቂያቸው የሌላ ወረዳ ስለሆነ አባል መሆን አልቻሉም። ባለፈው በአባል ስም ተጠግተው የገዙ ነበሩ። አሁን ተመላሹ ለባለ ስሙ ነው የሚደርሰው። ያ ሰው ለተከራዩ ካልሰጠው ተከራዩ የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም። ሙሉ አባልነቱ ሕግ የሚጠይቅ ከሆነ ይቆይ። ግን በዙር ለሚደረግ ግዥ ብቻ የኪራይ ውላቸውን አሳይተው በራሳቸው ስም ደረሰኝ እንዲቆረጥላቸው ፍቀዱ። እነሱ ሲጨመሩ መኪናው ቶሎ ይሞላል።

በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የ15,800 ብሩ ጉዳይ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ፣ ከዚያ በፊትም የዙሩ ሂሳብ በየብሎኩ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። የግዥ ኮሚቴው መዝገብ፣ የባስኩል ዝርዝሩና ደረሰኞቹ በማኅበሩ ሱቅ አሉ። ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ፣ አብረን እናያለን።

ከአክብሮት ጋር
የግዥ ኮሚቴ አባልና ነዋሪ፣ ቦሌ አራብሳ